«መረጃዎ ሳይወጣ አልቀረም» የሚል ኢሜይል ሲደርስዎ

ኢሜይሉ አጭር ነው፤ የተጻፈውም በዕብራይስጥ ነው። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምርና በኮምፒውተር ሥርዓታችን ላይ ጥቃት ደርሷል፣ ጉዳዩ እየተጣራ ነው፣ የእርስዎም ዝርዝር ከተነካው መረጃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል ይላል። ከታች አንድ ሊንክ አለ። ርሖቮት ውስጥ፣ ኪርያት ሞሼም ይኑሩ ሌላ ሰፈር፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርስ እጅ ከሁለት ወደ አንዱ ይቸኩላል፤ ወይ ደንግጦ ሊንኩን ይጫናል፣ ወይ «ደግሞ እነዚህ ሌቦች መጡ» ብሎ ያጠፋዋል። ሁለቱ ተቃራኒ ቢመስሉም የሚነሡት ከአንድ ስሕተት ነው፤ የደብዳቤውን እውነተኛነት ከደብዳቤው መልክ ማወቅ ይቻላል ከሚል ግምት። አይቻልም። ደግነቱ፣ ልናደርጋቸው ከሚገቡን ነገሮች አብዛኞቹ ያንን እስክናውቅ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ምንም ወጪ የሌላቸውን ወዲያው ያድርጉ፤ ገንዘብ፣ ቀጠሮና ወረፋ የሚጠይቁትን ግን ካረጋገጡ በኋላ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ቅደም ተከተል ማብራሪያ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት የሺርቢትን ጉዳይ እንያዝ። ሺርቢት የእስራኤል የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር፤ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችም የመኪናቸውን ኢንሹራንስ የገቡት እሱ ዘንድ ነበር። በዲሴምበር 2020 መጀመሪያ ላይ ራሱን «ብላክ ሻዶው» ብሎ የሚጠራ ቡድን የኩባንያውን ኮምፒውተሮች ሰብሮ ገባ። 50 ቢትኮይን ጠየቀ፤ በጊዜው አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጊዜው ባለፈ ቁጥር ዋጋውን እየጨመረ ሄደ። ኩባንያው አልከፍልም ሲል ቡድኑ ሰነዶቹን በቴሌግራም ይለቅ ጀመር። ከወጡት ውስጥ የመታወቂያና የመንጃ ፈቃድ ፎቶዎች፣ ደንበኞች የላኳቸው ቅጾችና ደብዳቤዎች ይገኙባቸዋል። ልብ ይበሉ፤ የወጣው የይለፍ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው በአምስት ደቂቃ ይለውጠው ነበር። የመታወቂያ ፎቶ ግን ስልክ ይዞ ተቀምጦ የሚለወጥ ነገር አይደለም። እንግዲህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ከሁሉ በፊት መፈለግ ያለብዎት «ምን ያህል ሰው ተነካ» የሚለውን ሳይሆን «ምን ዓይነት መረጃ ወጣ» የሚለውን ነው። የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ይመሠረታል።

ያ ዓረፍተ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ድፍንፍን ያለ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። በእስራኤል በ2018 ሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ደኅንነት ደንብ፣ ከባድ ጥቃት የደረሰበት ድርጅት ወዲያውኑ ለግል ሕይወት ጥበቃ ባለሥልጣን (ሀራሹት ለሀጋናት ሀፕራቲዩት) እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ባለሥልጣኑ ደግሞ ከብሔራዊ የሳይበር ዳይሬክቶሬት ጋር ተማክሮ፣ መረጃቸው ለተነካባቸው ሰዎች እንዲነገራቸው ድርጅቱን ማዘዝ ይችላል። ይህ ማለት ደብዳቤው ቤትዎ የሚደርሰው ጥቃቱ በታወቀበት ሰዓት ላይሆን ይችላል፤ አለመድረሱም ምንም አልተፈጠረም ማለት አይደለም። የሚጽፉትም የሕግ ሰዎች ስለሆኑ ቃሉ ይመዘናል። «መረጃዎ ያለአግባብ እንደዋለ የሚያሳይ ማስረጃ እስካሁን አላገኘንም» የሚለውን ሲያነቡ «አልዋለም» ብለው አይተርጉሙት። ማስረጃው የሚገኘው ማን መቼ ገብቶ ምን እንደወሰደ ከሚመዘግበው የኮምፒውተር መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ያልነበረበት ወይም ሌባው ያጠፋው ድርጅትም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳይዋሽ ሊጽፈው ይችላል። ሁለት ቀኖችንም ይለዩ፤ ጥቃቱ የደረሰበትንና የታወቀበትን። በሁለቱ መካከል ሦስት ወር ካለ፣ የባንክና የካርድ ሒሳብዎን ወደ ኋላ ሲያዩ የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ቀን ነው። «የይለፍ ቃሎቹ የተመሰጠሩ ናቸው» ካለም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አጭርና የተለመደ ቃል ከሆነ ምስጢሩ ሊፈታ ስለሚችል እርስዎ እንደወጣ ቆጥረው ይለውጡት።

አሁን ወደ ማረጋገጡ እንምጣ። በላኪው ስም አይመኑ፤ ስሙን ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። መታየት ያለበት አድራሻው ነው፤ አድራሻም የሚነበበው ከመጨረሻው ነው። በ`.co.il` የሚያልቅ ከሆነ ባለቤቱ ከዚያ በፊት ያለው ቃል ነው። `bituach.co.il.idkun-lakoach.com` የሚል ምሳሌ ብንወስድ፣ መጀመሪያ ላይ ያለው `bituach.co.il` ለዓይን የተቀመጠ ጌጥ ነው፤ ባለቤቱ `idkun-lakoach.com` የሚለውን የተከራየ ሰው ነው። በጂሜይል ከኮምፒውተር ላይ ደብዳቤውን ከፍተው፣ በቀኝ ወይም በግራ ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው `Show original` የሚለውን ቢመርጡ ከላይ እንዲህ ያለ ነገር ያያሉ፦

```
SPF:   PASS
DKIM:  'PASS' with domain bituach.co.il
DMARC: 'PASS'
```

ሦስቱም `PASS` ካሉ ደብዳቤው በእርግጥ ከተጻፈው አድራሻ ባለቤት የመጣ ነው ማለት ነው። `FAIL` የሚል ካለ ይጠራጠሩ። ነገር ግን የዚህ ምርመራ ወሰኑ ጠባብ ነው። ሌባውም የራሱን አድራሻ ገዝቶ ሦስቱንም `PASS` ማድረግ ይችላል፤ ምርመራው የሚመሰክረው አድራሻው እንዳልተጭበረበረ ብቻ ነው፣ አድራሻው የኢንሹራንስዎ መሆኑን አይደለም። በሌላ በኩል እውነተኛው ኩባንያ በአንድ ጊዜ ለብዙ ሺህ ሰው ለመላክ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪ ስለሚቀጥር፣ ትክክለኛው ደብዳቤ እንግዳ ከሆነ አድራሻ ሊመጣ ይችላል። ኩባንያ ሲሸጥም ስሙ ይለወጣል፤ ሺርቢት ራሱ በኋላ ወደ ሃሬል ተጠቃልሏል። የድሮ ደንበኛ ከማያውቀው ስም ደብዳቤ ቢደርሰው አይገርምም።

ይህ የእስራኤል ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ፣ አንድ ትልቅ ምሳሌ ከአሜሪካ እናንሳ። በሴፕቴምበር 2017 ኤክዊፋክስ የተባለው የብድር ታሪክ መዝጋቢ ኩባንያ የ143 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ እንደተነካ አሳወቀና ለተጎጂዎች `equifaxsecurity2017.com` የሚል አዲስ ገጽ ከፈተ። ስሙ ራሱ የማጥመጃ ገጽ ስም ይመስላል። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ይህ እንዴት አደገኛ እንደሆነ ለማሳየት ሁለቱን ቃላት አገላብጦ `securityequifax2017.com` የሚል አስመሳይ ገጽ ሠራ። የኩባንያው የራሱ የትዊተር ሠራተኞች ተሳስተው ደንበኞችን ደጋግመው ወደ አስመሳዩ ላኳቸው። የኩባንያው ሰዎች የራሳቸውን ገጽ ከሐሰተኛው መለየት ካቃታቸው፣ ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ስልኩን አዘቅዝቆ በዓይኑ ይለያል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የፊደል ስሕተት ፈልጉ፣ አርማውን አስተውሉ የሚለው የተለመደ ምክር የሚበቃ የማይመስለኝም ለዚህ ነው። ስሕተት ያለበትን ሐሰተኛ ይይዛል፤ ስሕተት የሌለበትን ግን ያሳልፋል።

ስለዚህ ደብዳቤውን እንደ ጥቆማ ይውሰዱት፤ መልሱን ግን እርስዎ በሚያውቁት በር ይፈልጉ። በሊንኩ አይግቡ፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ስልክ አይደውሉ፣ የተያያዘ ፋይል ካለ አይክፈቱ። የኢንሹራንስ ውልዎን ወረቀት፣ የካርድዎን ጀርባ ወይም ከዚህ ቀደም ስልክዎ ላይ የጫኑትን መተግበሪያ ያውጡና ከዚያ ባገኙት ቁጥር ይደውሉ። ድረ ገጹን ከፈለጉ አድራሻውን በእጅዎ ይጻፉት፤ ጉግል ላይ ፈልገው የመጀመሪያውን የሚጫኑ ከሆነ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላልና ይጠንቀቁ። ሲደውሉ ጥያቄዎ ቀላል ይሁን፦ በዚህ ቀን እንዲህ የሚል ደብዳቤ ልካችኋል ወይ? የእኔስ ስም አለበት? ከእኔ ፋይል ውስጥ የመታወቂያዬ ፎቶ፣ የካርድ ቁጥሬ ወይስ ስልኬ ብቻ ነው ያለው? ስልክ የምታነሣው ሠራተኛ ላታውቅ ትችላለች፤ አላውቅም ማለቷ ግን ደብዳቤው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ይጠይቁና የደወሉበትን ሰዓት ይጻፉ። ደብዳቤው አጠራጣሪ ሆኖ ካገኙት ወይም ሊንኩን ቀድመው ተጭነው ከሆነ የብሔራዊ ሳይበር ዳይሬክቶሬት መስመር 119 ነው። በኢሜይል አድራሻዎ `haveibeenpwned.com` ላይ መፈለግም ይችላሉ፤ እዚያ በዚያው ኩባንያ ስም ከተገኙ ዝርፊያው በእርግጥ አለ፣ ካልተገኙ ግን ምንም አልተረጋገጠም። ገጹ የያዘው እጁ የገቡትን ዝርፊያዎች ብቻ ስለሆነ፣ የወረቀት ፎቶዎች ብቻ የወጡበት ጉዳይ በኢሜይል ፍለጋ አይገኝም። ሌቦቹ የለቀቁትን ፋይል ራሴ በቴሌግራም ገብቼ ልፈልግ የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ ይተዉት፤ ስምዎን ሊያገኙ የሚችሉትን ያህል ቫይረስም ሊያወርዱ ይችላሉ፣ የሌሎችን ጉድ ማየቱም ራሱ ነውር ነው።

«የመታወቂያ ቁጥሬ እንደሆነ ድሮ ወጥቷል፤ አሁን ምን ልጠብቅ?» የሚል ሰው አለ። ግማሹ እውነት ነው። የሕዝብ መዝገቡ ቅጂ በ2006 በአንድ የሚኒስቴር ሠራተኛ ተሰርቆ በኢንተርኔት ሲሠራጭ፣ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ ሟቾችም ጭምር፣ ዝርዝራቸው ወጥቷል። በፌብሩዋሪ 2020 ደግሞ «ኤሌክቶር» በተባለ የምርጫ መተግበሪያ ጉድለት የተነሣ ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚሆኑ መራጮች ስም፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ተጋልጧል። በወቅቱ ድምፅ የመስጠት መብት የነበረው የርሖቮት ነዋሪም በዚያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የመታወቂያ ቁጥርን እንደ ምስጢር መቁጠር ካበቃ ቆይቷል፤ ቁጥሩን አውቆ ስለደወለልን ሰው ማመንም እንዲሁ። ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። ቁጥሩ ባይለወጥም መታወቂያው ላይ የታተመው የተሰጠበት ቀን ይለወጣል። ብዙ የመንግሥትና የግል አገልግሎቶች በኢንተርኔትም በስልክም ማንነትን ሲያጣሩ ከቁጥሩ ጋር ያንን ቀን ይጠይቃሉ። በሺርቢት ጊዜ ለደንበኞች መታወቂያና መንጃ ፈቃድ ማስለወጥን እንዲያስቡበት የተመከረው ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲስ መታወቂያ ሲያወጡ የድሮው ፎቶ ላይ ያለው ቀን መክፈቻነቱ ያበቃል። እንግዲህ የወጣው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ወደ ሚስራድ ሀፕኒም መሮጥ ትርፉ ድካም ነው፤ የወጣው የመታወቂያው ፎቶ ከሆነና ኩባንያው ካረጋገጠልዎ ግን ቀጠሮ መያዙ ይገባል። ቀጠሮው፣ ክፍያው፣ የሥራ ቀን መጉደሉ አለበትና ይህኛው ከማረጋገጫ በፊት የማይደረግ ሥራ ነው።

ወዲያው የሚደረገው ደግሞ የይለፍ ቃል ነው። የዚያን ኩባንያ ብቻ ሳይሆን፣ ያንኑ ቃል የተጠቀሙበትን ሌላ ቦታ ሁሉ ይለውጡ፤ ሌቦች አንዱን ቃል ይዘው በባንኩም፣ በፌስቡኩም፣ በኩፓት ሆሊሙም በር ላይ ይሞክሩታልና። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ካልቻሉ ከኢሜይልዎ ይጀምሩ። በሌሎቹ ሁሉ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ሲባል መልሱን የሚቀበለው እሱ ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሰው የቀሩትን በየተራ ይከፍታቸዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ማረጋገጫ ያብሩ፤ ቢቻል በኤስኤምኤስ ሳይሆን ኮድ በሚያወጣ መተግበሪያ። እዚህ ላይ በእኛ ቤት ውስጥ በጣም የሚታይ አንድ ነገር አለ። የወላጆችን ኢሜይልና የባንክ መተግበሪያ የከፈቱት ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው፤ የተመዘገበው ስልክም የልጁ ነው። ልጁ ወታደር ቤት ገብቶ ወይም አግብቶ ቁጥሩን ከለወጠ በኋላም መዝገቡ እንደዚያው ይቀራል። ስለዚህ አሰልቺ ሥራ ቢመስልም፣ የማረጋገጫ ኮዱ ወደ ማን ስልክ እንደሚሄድ አንድ በአንድ ይመልከቱ። እናትና አባት ዕብራይስጡን ለልጅ ሰጥተው ማስነበባቸው ነውር የለውም፤ ነገር ግን «አንብብልኝ» እንጂ «ጨርስልኝ» አይበሉት። ልጅ በሁለት ሰከንድ ሊንኩን ተጭኖ ቅጹን ሞልቶ ያስረክባል።

የካርድ ቁጥር ወጥቶ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለካርዱ ኩባንያ ደውለው ያዘጉታል፣ አዲስ ይመጣል፣ ያላወጡት ወጪ ካለም ይቃወሙታል። ከባዱ በስምዎ ብድር መውሰዱ ነው፤ ያ በካርድዎ ሒሳብ ላይ ስለማይታይ። ለዚህ የእስራኤል ባንክ ከ2019 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የብድር መረጃ ሥርዓት አለ፤ በ`creditdata.org.il` በኩል ማንም ሰው በስሙ የተመዘገቡትን ብድሮች የሚያሳይ ዘገባ በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ ያገኛል። ደብዳቤው በደረሰዎት ማታ አይጠይቁት። ዘገባው የሚያሳየው አበዳሪዎች እስከዚያ ቀን ያስተላለፉትን ነው፤ ዛሬ የተወሰደ ብድር ዛሬ አይታይም፤ ነጻውን ዕድልዎን ባዶ ወረቀት ለማየት ያጠፉታል። ጥቃቱ የደረሰው ከወራት በፊት ከሆነ ግን አሁኑኑ ያውጡት፤ አዲስ ከሆነ ሁለት ወር ያህል ቆይተው። የማያውቁት አበዳሪ ስም ካገኙ ለአበዳሪው በጽሑፍ ይክዱ፣ ለፖሊስም ያመልክቱ፤ የፖሊሱን ማስረጃ ሳይይዙ «እኔ አይደለሁም» ማለት ብዙ አያራምድም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው የሚዘናጋበት ነገር ይመጣል። የዝርፊያው ዜና በቴሌቪዥን ከተነገረ፣ ሌሎች ሌቦችም ይሰሙታል። ከሳምንት በኋላ ስልክ ይደወላል፤ የሚያናግርዎ ሰው ስምዎን፣ የመኪናዎን ታርጋ፣ የኢንሹራንስ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ያውቃል። «ከጥቃቱ ጋር በተያያዘ ካሳ እየከፈልን ነው፤ አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ይላል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው እውነተኛ ስለሆነ ሳይሆን የተሰረቀው ይኸው ስለሆነ ነው። በአማርኛ ቢያናግርዎ፣ «እትዬ» ብሎ ቢጠራዎ፣ የአገር ቤት ሰላምታ ቢያበዛም ያው ነው፤ ቋንቋ ማስረጃ አይሆንም። የማያውቁት ሰው ደውሎ ኮድ ሲጠይቅ ስልኩን መዝጋት ስድብ አይደለም። የምሥራች ብሎ የመጣም ከሆነ፣ ዘግተው በውል ወረቀትዎ ላይ ባለው ቁጥር ቢደውሉ ካሳው አይጠፋም። «እውነተኛ ሠራተኛ ቢሆንስ? ባሳዝነውስ?» ለሚሉም፣ እውነተኛ ሠራተኛ ዘግተው በሚያውቁት ቁጥር ራስዎ መልሰው ቢደውሉ አይከፋውም።

ደብዳቤውንም አያጥፉት፤ ሐሰተኛ ቢመስልዎም። እውነተኛ ከሆነ ኩባንያው መቼና ምን ብሎ እንደነገረዎ የሚመሰክር ብቸኛ ወረቀትዎ ነው፤ በሺርቢት ላይ እንደታየው የጋራ ክስ ሊመሠረት ይችላል፣ የግል ሕይወት ጥበቃ ባለሥልጣንም አቤቱታ ይቀበላል። ከኦገስት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 13ኛው የሕጉ ማሻሻያ ባለሥልጣኑ ድርጅቶችን የሚቀጣበትን ኃይል አጠንክሮለታል። በስልክዎ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ፎቶው ከላይ የጠቀስናቸውን የ`PASS` መስመሮች አይዝም። በኢሜይሉ ውስጥ «ቢቱዋህ» ወይም «ሳይበር» ብለው አንድ ማኅደር ይክፈቱና እዚያ ያስገቡት። በውል ወረቀቱ ጀርባ ላይም በእርሳስ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን፣ ደውለው ያናገሩትን ሰው ስምና ሰዓት፣ የብድር ዘገባውን የሚያወጡበትን ቀን።